«እንዳትከፍቺው» ለመነበብ ስንት ሴኮንድ ይፈልጋል?

አክስቴ የእንጀራ ሊጥ ስታቦካ በስልኬ ቀርጬ የ40 ሴኮንድ ቪዲዮ ሠራሁላት። የምትናገረውንም ከሥሩ ጽፌ ለቀቅነው። በሦስተኛው ቀን ዱባይ የምትሠራው ልጇ ደወለች። «እማዬ፣ እንዳልሽው ክዳኑን ከፍቼ ተውኩት፤ ገጹ ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ ምን ላድርግ?»

አክስቴ ያለችው ግን «ሊጡን ካቦካሽው በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ክዳኑን እንዳትከፍቺው» ነበር። ልጅቷ ቪዲዮውን ያየችው ሌሊት፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ ድምፁን አጥፍታ ነው። የመጨረሻውን ቃል «እንድትከፍቺው» ብላ አነበበችው። «ዳ» እና «ድ» የሚለያዩት በትንሽ ጭረት ነው፤ ትርጉሙን ግን ከክልከላ ወደ ትእዛዝ ይገለብጡታል።

መጀመሪያ ፊደሉ አንሶባት ይሆናል ብዬ ነበር። ቪዲዮውን ቁጭ ብዬ ፍሬም በፍሬም ሳየው ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ተገኘ። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ ጥዬው፣ ኤዲት ማድረጊያው እንዳሻው በሦስት መስመር ሰባብሮታል። «ሦስት» አንደኛው መስመር ጫፍ ላይ ቀርቶ «ቀን» ሁለተኛው ላይ ወርዷል። «እንዳትከፍቺው» ብቻውን ታች ሦስተኛው መስመር ላይ ተቀመጠ። የአክስቴ ድምፅ ባለቀበት ቅጽበት ደግሞ ጽሑፉ ጠፋ። ዓይን እዚያች ቃል ላይ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ልጅቷ ቃሏን ያየቻት ስትጠፋ ነው።

የግርጌ ጽሑፍ የሚሠሩ ሰዎች ፍጥነትን የሚለኩት ፊደል በመቁጠር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ፊደላት ከክፍት ቦታዎቹ ጋር ተቆጥረው፣ ጽሑፉ ስክሪን ላይ ለቆየበት ሴኮንድ ይካፈላሉ። ኔትፍሊክስ ለእንግሊዝኛ ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሴኮንድ እስከ 20፣ ለልጆች እስከ 17 ፊደል ይፈቅዳል፤ አንድ መስመርም ከ42 ፊደል እንዳይበልጥ ያዛል። እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ወደ አማርኛ ማምጣት ግን ስህተት ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ላይ ይሸከማል። «እንዳትከፍቺው» 8 ፊደል ነው፤ በላቲን ቢጻፍ 12 ያህል ይወጣዋል። ስለዚህ በሴኮንድ 20 የአማርኛ ፊደል ማሳለፍ፣ እንግሊዝኛ አንባቢን በሴኮንድ 30 ፊደል እንደማስሮጥ ነው። እኔ የምሠራበት ጣሪያ በሴኮንድ 12 ነው፤ ምግብ አሠራርን ለመሰለ፣ ዓይን እጅንም ማየት ላለበት ቪዲዮ ደግሞ ወደ 10 አወርደዋለሁ።

የመስመሩም ርዝመት እንዲሁ ነው። 42 ፊደል የታሰበው አግድም ለተዘረጋ የቴሌቪዥን ስክሪን ነው። ቆሞ በሚታይ ስልክ ላይ፣ ወፍራም የሆነው የግዕዝ ፊደል በሚነበብ መጠን ሲጻፍ፣ ከ18 በላይ ከሆነ ወይ ይጠባል ወይ ይሰበራል። የት እንደሚሰበር የሚወስነው ሰው መሆን አለበት። «ሦስት ቀን» አይለያይም፤ «የእናቴ ቤት» አይለያይም፤ «ነው» ብቻውን ወደ ታች አይወርድም።

አሁን የአክስቴን ዓረፍተ ነገር እንደገና እንሥራው። ከክፍት ቦታው ጋር 37 ፊደል ነው። እሷ የተናገረችው በ2.9 ሴኮንድ ስለሆነ በሴኮንድ 13 ያህል ይሆናል፤ ለዓይን በዝቷል። ንግግሯን ማዘግየት አይቻልም። ነገር ግን ተናግራ ስትጨርስ እጇን ክዳኑ ላይ አሳርፋ አንድ ሴኮንድ ገደማ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ ለአንባቢው የሚሰጥ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ትንፋሽ በወሰደችበት ቦታ ለሁለት ከፈልኩትና የሁለተኛውን መውጫ እዝምታው ድረስ ገፋሁት። በኤስአርቲ ፋይል ላይ እንዲህ ይጻፋል፤

```
3
00:00:06,200 --> 00:00:08,200
ሊጡን ካቦካሽው በኋላ
ሦስት ቀን ሙሉ

4
00:00:08,280 --> 00:00:09,900
ክዳኑን እንዳትከፍቺው
```

ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ያለው የሴኮንድ ሺህኛ ነው። የመጀመሪያው ክፍል 2 ሴኮንድ ይቆያል፤ በሴኮንድ 11 ፊደል ነው። ሁለተኛው 13 ፊደል ብቻ ይዞ 1.6 ሴኮንድ ስለሚቆይ ወደ 8 ይወርዳል፤ አንባቢው ቃሉን አንብቦ እጇንም ለማየት ይደርሳል። በመካከላቸው ያለችው የ80 ሺህኛ ክፍተት በሴኮንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቪዲዮ ሁለት ፍሬም ናት። እሷ ከሌለች አንዱ ጽሑፍ በሌላው መተካቱን ዓይን ልብ ላይለው ይችላል።

የመክፈሉ ሌላ ጥቅም ከሰዋስዋችን ይመጣል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ያስቀምጣል፤ ክልከላውም፣ ማን ለማን እንደሚናገርም ያለው እዚያ ነው። ሙሉው ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ከወጣ፣ አንባቢው አክስቴ ገና ሳትናገረው መጨረሻውን ያውቀዋል። ሲከፈል ግን ጽሑፉና ድምፁ አብረው ይደርሳሉ።

ለዚህም ነው በቀለም የሚለየውን ቃል ስንመርጥ ልማድ የሚያሳስተን። ብዙ ቪዲዮ ላይ ቢጫ የሚሆነው ስሙ ነው፤ «ሊጡን»፣ «ክዳኑን»። ሊጡም ክዳኑም ግን ስክሪኑ ላይ እየታዩ ነው። የማይታየው «እንዳት» ነው። ስለዚህ «እንዳትከፍቺው»ን ብቻ፣ እሱንም ሙሉውን ቃል፣ ቢጫ አደረግኩት። «ዳ»ን ብቻ ቀለም ልቀባት ሞክሬ ነበር፤ ቃሉ የተቆረሰ መሰለ። ከነጭ ነጠላዋ ጋር እንዳይመሳሰል ፊደሉን በጥቁር ጠርዝ ከበብኩት፤ በጣም የወፈረውንም ፎንት ተውኩት፤ ሲወፍር ትንንሾቹ ጭረቶች ይደፈናሉ፤ «ዳ» እና «ድ» የሚለዩት ደግሞ በእነሱ ነው።

አሁን የተለመደው አንድ አንድ ቃል ብቅ እያለ የሚጠፋበት አሠራር ለአማርኛ አይስማማም ባይ ነኝ። «ቀን» በሴኮንድ ሩብ ትሄዳለች፤ ተመልካቹም ቀጣዩን ቃል ሲጠብቅ ሊጡን ሳያይ ይቀራል። ከዚያ የባሰው የማጥበቅና የማላላት ነገር ነው። «ዶሮው ይበላል» ስንል ዶሮው በሊታ ይሁን ተበይ የሚለየው በድምፅ ነው፤ ጽሑፉ አያሳየውም። ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ ሰው የሚለየው በዙሪያው ባሉት ቃላት ነው። ቃሉ ብቻውን ከመጣ ግን መለያ የለውም። ሐረጉ ሙሉ ስክሪኑ ላይ ቆይቶ፣ የሚነገረው ቃል ብቻ ቀለሙን ቢቀይር ይሻላል።

ጽሑፉን ቲክቶክ ላይ ከታች ጥግ አታስቀምጡት፤ የመለያ ስሙና መግለጫው ይሸፍኑታል።

አዲሱን ቅጂ ከመልቀቄ በፊት ድምፁን አጥፍቼ ቪዲዮውን አይታው ለማታውቅ ጎረቤታችን ሰጠኋትና እያነበበች ጮክ ብላ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። አራተኛው ላይ «እንዳትከፍቺው» ብላ በትክክል አነበበች። ሰባተኛው ላይ፣ አክስቴ ስለ አብሲት ስታወራ፣ ተደናቀፈች። እዚያ አክስቴ «እንግዲህ ምን ልበልሽ፣ ምን መሰለሽ» እያለች ፍጥነቱን በሴኮንድ ወደ 15 አድርሳዋለች። «እንግዲህ ምን ልበልሽ»ን ከጽሑፉ አወጣሁት። «ምን መሰለሽ»ን ግን ተውኩት፤ ያለ እሱ አክስቴን አትመስልም።