ቦርዱ ሌላ፣ ስታንድ-አፑ ሌላ

የሶፍትዌር ቡድኖች ሥራቸውን የሚከታተሉት በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ቦርድ ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ በካርድ ተጽፎ «ያልተጀመረ»፣ «በሥራ ላይ»፣ «በሙከራ ላይ»፣ «ያለቀ» በሚሉ ዓምዶች ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አሠራሩ መነሻው የጃፓኑ ቶዮታ ፋብሪካ ነው። ሌላው በየጠዋቱ የሚደረገው ስታንድ-አፕ ነው፤ ቡድኑ ቆሞ ከ15 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይነጋገራል። ሁለቱ ስለ አንድ ሥራ የተለያየ ነገር ሲናገሩ ምን ማለት ነው? የሚከተለው ታሪክ ፈጠራ ነው፤ ነገሩ ግን በብዙ ቡድኖች ውስጥ የሚታይ ነው።

ቡድኑ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም የሞባይል መተግበሪያ ይሠራል። ረቡዕ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አዲሷ አስተባባሪ ቦርዱን ከፍታ ታዳምጣለች።

«የክፍያ ማስታወሻውን ጨርሻለሁ» አለ አንዱ ፕሮግራመር። ተበዳሪው የመክፈያው ቀን ሲቃረብ የሚደርሰው ኤስኤምኤስ ነው። ካርዱ ግን «በሥራ ላይ» ከገባ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ሞካሪዋ ቀጠለች፦ «እኔ ዛሬም የመመዝገቢያ ገጹን እየሞከርኩ ነው።» የመመዝገቢያው ካርድ «ያለቀ» ውስጥ ተቀምጧል። ሦስተኛው ልጅ ሥራ አስኪያጁ በስልክ ያዘዘውን ሪፖርት ሲያዘጋጅ ሁለት ቀን እንደፈጀ ተናገረ። ስለ ሪፖርቱ የተጻፈ ካርድ የለም።

አስተባባሪዋ በሰው ፊት ማንንም አልጠየቀችም። በስብሰባ መሀል «ቦርዱ እንዲህ አይልም» የተባለ ሰው ስለ ሥራው መናገሩን ትቶ ራሱን ወደ መከላከል ይገባል። ስብሰባው ሲበተን ከፕሮግራመሩ ጎን ተቀመጠች።

«ጨርሻለሁ ያልከው ምኑን ነው?»

«ኮዱን። ሐሙስ ዕለት ከዋናው ኮድ ጋር ተቀላቅሏል።»

የኮዱን መዝገብ አብረው አዩት፤ እውነቱን ነው።

«ካርዱን ታዲያ ለምን ወደ ሙከራ አላሳለፍከውም?»

ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ስህተት ተገኝቶበት ከተመለሰ አርብ በሚላከው ሪፖርት ላይ በስሜ ይቆጠራል» አላት። ያንን ሪፖርት ያስጀመረው ከእሷ በፊት የነበረው አስተባባሪ ነው።

ወደ ሞካሪዋ ሄደች። «እሱን አሁን መሞከር አልችልም» አለች ሞካሪዋ። «ኤስኤምኤስ የምንልክበት የሙከራ አካውንት ከደንበኛው አልመጣም።»

እዚህ ላይ ማንም አልዋሸም። ፕሮግራመሩ ኮዱን ጨርሷል፣ ሥራው ግን አላለቀም፣ ሞካሪዋም እጇን አጣጥፋ የተቀመጠችው በስንፍና አይደለም። ሥራው እየጠበቀ ነው፤ ቦርዱ ላይ ደግሞ ለሚጠብቅ ሥራ የተተወ ቦታ የለም። ብዙ አዲስ አስተባባሪዎች በዚህ ጊዜ «ካርዳችሁን በየቀኑ አስተካክሉ» የሚል ትእዛዝ ያወጣሉ። ትእዛዙ ካርዶቹን ለሳምንት ያህል ያንቀሳቅሳቸው ይሆናል፤ ሰዎቹ ካርድ ማንቀሳቀስ የሚፈሩበት ምክንያት ግን እንዳለ ይቆያል።

እሷ መጀመሪያ ያስቀረችው በስም የሚቆጥረውን ሪፖርት ነው። ቀጥሎ ቡድኑ «ያለቀ» ማለት ምን እንደሆነ ተስማምቶ ጻፈ፦ ኮዱ የተቀላቀለ፣ የተሞከረና ለደንበኛው የታየ። የመመዝገቢያው ካርድ በዚያው ሰዓት ወደ ሙከራ ተመለሰ። የቆመ ሥራ ላይ ቀይ ምልክት ይደረጋል፤ ማን እንደሚጠበቅና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጻፍበታል። በስልክ የመጣ ትእዛዝም ካርድ ሳይኖረው አይጀመርም።

ስታንድ-አፑንም ለወጠችው። በየተራ «ትናንት ምን ሠራህ?» ማለት ቀርቶ፣ ቡድኑ ቦርዱን ከቀኝ ወደ ግራ እያየ፣ ለማለቅ ከቀረበው ካርድ ጀምሮ «ይሄን ምን ያዘው?» ይላል። ሰዎች በየተራ ሲናገሩ ሁሉም ሥራ የበዛበት መሆኑ ይሰማል፤ ካርዱ ሲጠየቅ ግን የቆመው ሥራ ይታያል።

በዚያ ቀን ተጀምረው ያላለቁ 12 ካርዶች ነበሩ። ቡድኑ በሳምንት በአማካይ 4 ይጨርሳል፤ ስለዚህ አንድ ካርድ ከተጀመረ እስኪያልቅ በአማካይ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ይህ ስሌት ጆን ሊትል የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያረጋገጠው ሕግ ነው፤ የሚሠራው የሚጀመረውና የሚያልቀው ሥራ በረጅም ጊዜ ሲመጣጠን ነው። ቡድኑ በአንድ ጊዜ ከ6 ካርድ በላይ ላለመያዝ ተስማማ። በሳምንት የሚያልቀው 4 ሆኖ ከቀጠለ ጊዜው በግማሽ ያጥራል።

ቦርድ የማያሳየው ነገርም አለ። አንድ ካርድ ለሠሪው ምን ያህል እንደከበደው፣ ማን እንደደከመ ከዓምድ ላይ አይነበብም፤ ለዚያ አሁንም ጎን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሙከራ አካውንቱ፣ ቀዩ ምልክት ከነቀኑ ለደንበኛው ከታየ በኋላ፣ በሳምንቱ መጣ። የኤስኤምኤሱ ካርድ ከተጀመረ በ17ኛው ቀን አለቀ፤ ኮዱ ሦስት ቀን፣ ሙከራው አንድ ቀን ወሰደ፣ 13ቱ ቀን መጠበቅ ነበር።