ሕመም ላቋረጠው የመመረቂያ ጽሑፍ የጊዜ ማራዘሚያ ሲጠየቅ

በሕመም ምክንያት ተጨማሪ ጊዜ የሚጠይቅ ተማሪ ደብዳቤውን የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ሕመሙን በመዘርዘር ነው። ምን እንደተሰማው፣ ስንት ቀን እንደተኛ፣ ምን ያህል እንደተሠቃየ ይተርክና መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ጊዜ እንዲጨመርልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ ይፈርማል። አማካሪው ደብዳቤውን አንብቦ ያዝናል፤ ለመወሰን የሚያስፈልገውን ግን አያገኝበትም። ሥራው የት ደርሶ ቆመ? ምን ቀረ? በየትኛው ቀን ያልቃል? እነዚህ ካልተመለሱ አማካሪው ወይ በግምት ይፈቅዳል፣ ወይ «እስቲ እናያለን» ብሎ ያቆየዋል። ሁለቱም ተማሪውን ይጎዱታል።

ነገሩ በሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ደግሞ ይከብዳል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው መረጃ የሚሰበስበው አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ነው፤ ሰው ደግሞ እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሆኖ አይጠብቅም። ተማሪው ሲታመም የሚያጠናቸው ሰዎች ኑሮ ይቀጥላል፤ ትምህርት ቤቱ ፈተና ይገባል፣ ይዘጋል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት መታመም ሁልጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ አያዘገይም። አንዳንዴ ያነሰ፣ አንዳንዴ ብዙ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ አንዳንዴም የጥናቱን ውጤት ራሱን ይለውጣል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንዲት የአራተኛ ዓመት የሥነ ልቦና ተማሪ በሁለት ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን የፈተና ጭንቀት ታጠናለች እንበል። ዕቅዷ ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት 60፣ በድምሩ 120 መጠይቅ ማስሞላት ነው። ከትምህርት ክፍሏ የትብብር ደብዳቤ አጽፋ፣ ለወላጆች የፈቃድ ቅጽ ልካ፣ ከመጀመሪያው ትምህርት ቤት 60ውንም፣ ከሁለተኛው ደግሞ 20 ሰብስባለች። ይህ 16 ቀን ፈጅቶባታል፤ ያዘገያት መጠይቁን ማስሞላቱ ሳይሆን የወላጆች ቅጽ ተፈርሞ እስኪመለስ መጠበቁ ነው። ሚያዝያ 18 ማታ ሆዷን ያማታል። በማግስቱ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ይደረግላትና እስከ ግንቦት 2 ድረስ፣ ማለትም ለ14 ቀን፣ ዕረፍት ይታዘዝላታል። የጽሑፉ ማስረከቢያ ግንቦት 25 ነው።

ደብዳቤውን መቼ ትጻፍ? ቁጭ ብላ መጻፍ እንደቻለች፣ ማስረከቢያው ገና አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ነው። ግንቦት 24 ላይ የሚደርስ ደብዳቤ እውነት ቢሆንም እንኳ ሰበብ ይመስላል፤ ለአማካሪውም ከ«እሺ» እና ከ«አይሆንም» ሌላ ምርጫ አይተውለትም። ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ቀን፦ ሚያዝያ 28
ለተከበሩ አማካሪዬ
ጉዳዩ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ጊዜ እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

ሚያዝያ 19 ቀን የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ሐኪሜ እስከ ግንቦት 2 ድረስ ዕረፍት አዞልኛል። የሕክምና ማስረጃውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ሥራዬ የተቋረጠው መረጃ በመሰብሰብ ላይ ሳለሁ ነው። ምዕራፍ አንድ፣ ሁለትና ሦስት በእርስዎ ታይተው ታርመዋል። ከ120 መጠይቆች 80ው ተሞልተዋል፤ የቀሩት 40 ሁሉም የሁለተኛው ትምህርት ቤት ናቸው።

ማስረከቢያዬ ከግንቦት 25 ወደ ሰኔ 9 እንዲዛወርልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቀሪዎቹን መጠይቆች እስከ ግንቦት 10፣ ትንተናውን እስከ ግንቦት 17 እጨርሳለሁ። ምዕራፍ አራትን ግንቦት 27 እልክልዎታለሁ፤ እርስዎ እርሱን ሲያዩልኝ ምዕራፍ አምስትን ጽፌ ሰኔ 5 አደርሳለሁ። የመጨረሻዎቹን አራት ቀናት ለእርማት እጠቀምባቸዋለሁ።

የቀሩትን 40 መጠይቆች በተባለው ጊዜ ማግኘት ካልቻልሁ፣ ከፈቀዱልኝ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች ማነጻጸሩን ትቼ በተሰበሰበው መረጃ በወንዶችና በሴቶች ተማሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ እመረምራለሁ።

የማራዘሚያው ውሳኔ የትምህርት ክፍሉን ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ የድጋፍ ሐሳብዎን እንዲጽፉልኝ እለምናለሁ።

ከሠላምታ ጋር

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሕመሙ የያዘው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። የቀረው ሁሉ ስለ ሥራው ነው። ሰኔ 9 የተባለው ቀንም ከአየር የወረደ አይደለም። ተማሪዋ 80 መጠይቅ በ16 ቀን ከሰበሰበች ለ40ው 8 ቀን ያስፈልጋታል። ለትንተና 7፣ ለሁለቱ ምዕራፎች 18፣ ለአማካሪው ንባብ 5፣ ለእርማት 4 ቀን ስትይዝ ድምሩ 42 ይሆናል። ባትታመም ኖሮ ግን ከሚያዝያ 19 እስከ ግንቦት 25 የነበራት 37 ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሳትታመምም 5 ቀን ወደ ኋላ ቀርታ ነበር ማለት ነው።

ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ከሕመሙ በፊት የነበረውን መዘግየት ከሕመሙ ጋር ቀላቅለው 19 ቀን ይጠይቃሉ። አማካሪው ግን ሥራው ሚያዝያ ላይ የት እንደነበረ ያውቃል፤ እውነተኛውን 14 ቀን ሳይቀር መጠራጠር ይጀምራል። የኛዋ ተማሪ የጠየቀችው ሕመሙ የወሰደባትን 14 ቀን ብቻ ነው። አምስቱን ቀን ያካካሰችው አማካሪዋ ምዕራፍ አራትን እያነበቡ እርሷ ምዕራፍ አምስትን እንድትጽፍ በማቀድ ነው። ግንቦት 25 ላይ 14 ቀን ሲደመር ሰኔ 9 ይሆናል፤ ዕቅዷም እዚያው ላይ ያበቃል።

ቀኑን ካለፈው ልምድ ማስላት ለምን አስፈለገ? መልሱ ከራሱ ከሥነ ልቦና ትምህርት ይገኛል። ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ሰዎች ሥራቸው የሚፈጀውን ጊዜ አሳንሰው የመገመት ዝንባሌ እንዳላቸው ጽፈው ስም ሰጥተውታል። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ሮጀር ቡለር፣ ዴል ግሪፊንና ማይክል ሮስ ይህንኑ በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ በነበሩ የሥነ ልቦና ተማሪዎች ፈተኑት። ተማሪዎቹ ጽሑፉን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው ገምተው ነበር። ሁሉም ነገር ቢበላሽስ ሲባሉ 49 ቀን ገደማ አሉ። በተግባር የፈጀባቸው ግን በአማካይ 55 ቀን ተኩል ነው፤ በክፉ ቀን ግምታቸው ካሉት እንኳ በለጠ። ተመራማሪዎቹ እንዳሳዩት ሰው ሲያቅድ የሚያየው ወደፊት የሚሠራውን እንጂ ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሥራ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት አይደለም።

ከሕመም የተነሣ ሰው ላይ ይህ ዝንባሌ ይበረታል። እፍረቱም፣ «ብዙ ጠየቀች» እንዳይባል መፍራቱም አለ። ስለዚህ «አንድ ሳምንት ይበቃኛል» ይልና በሳምንቱ ሌላ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል። የፊተኛው 16 ቀን ለ80 መጠይቅ የተቆጠረውም ለዚህ ነው፤ ተማሪዋ ወደፊት እፈጥናለሁ ብላ ሳይሆን እስካሁን በሄደችበት ፍጥነት አስላች።

በደብዳቤው የግንቦት 10 ገደብ ሌላም ምክንያት አለው። የምታጠናው የፈተና ጭንቀት ነው። የትምህርት ቤቱ ማጠቃለያ ፈተና ሰኔ ላይ ከሆነና ቀሪዎቹን 40 መጠይቆች ግንቦት መጨረሻ ላይ ብታስሞላ፣ የሁለተኛው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከመጀመሪያው ይልቅ ተጨንቀው ሊገኙ ይችላሉ። ልዩነቱ ግን የትምህርት ቤት ሳይሆን የቀን ልዩነት ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ መጠይቅ ላይ የተሞላበትን ቀን መጻፍ አለባት። ከሁለተኛው ትምህርት ቤት ሚያዝያ ላይ የሞሉትን 20ዎቹንና ግንቦት ላይ የሞሉትን 40ዎቹን ለይታ አማካይ ውጤታቸውን ታስተያያለች። የግንቦቶቹ ጎልቶ ከበለጠ ሕመሙ ጥናቱ ላይ ምልክት ጥሏል ማለት ነው፤ ይህንንም የጥናቱ ውስንነት በሚለው ክፍል ውስጥ ትገልጻለች።

ደብዳቤው ለማን እንደሚሄድም መታወቅ አለበት። አማካሪው የረቂቅ ቀኖችን በራሱ ሊያሸጋሽግ ይችላል። የመጨረሻው ማስረከቢያና የውጤት ማስገቢያው ቀን ግን በአብዛኛው የትምህርት ክፍሉና የሬጅስትራሩ ነው። ስለዚህ ማራዘሚያው ከውጤት ማስገቢያው ቀን ካለፈ ውጤቷ ለጊዜው «ኢንኮምፕሊት» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ይህ ደግሞ የየዩኒቨርሲቲውን ሕግና የጊዜ ገደብ ይከተላል። አማካሪው በቃል «ችግር የለም» ስላለ ብቻ ጉዳዩ አለቀ ብሎ የሚሄድ ተማሪ ሬጅስትራር ሲደርስ ይደነግጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ በተወሰነለት ቀን የሚሰጥ ስለሆነ የአማካሪው ፈቃድ አያንቀሳቅሰውም፤ አዲሱ የጊዜ ሰሌዳ ከእርሱ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

የቀረው ምን ያህል ይነገር የሚለው ነው። ትርፍ አንጀት ለመናገር አይከብድም። ሕመሙ የድብርት ወይም ሌላ የአእምሮ ጤና ችግር ሲሆን ግን፣ አማካሪው ራሱ የሥነ ልቦና ባለሙያ መሆኑ ተማሪውን ሁሉን እንዲዘረግፍ ይገፋፋዋል። አማካሪው ሐኪሙ ግን አይደለም፤ ነገ ውጤት የሚሰጠው እርሱ ነው። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በአንቀጽ 7.04፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ መምህራን ተማሪዎችን ስለ ሥነ ልቦና ሕክምናቸው እንዲናገሩ ማስገደድ እንደሌለባቸው ይደነግጋል። «በሕክምና ክትትል ላይ ነኝ፤ ሐኪሜ እስከዚህ ቀን ድረስ ዕረፍት አዞልኛል» የሚለው ለአማካሪው በቂ ነው። ማስረጃው ላይ ሊመረመሩ የሚገባቸው ቀኑ፣ የዕረፍቱ ቀናት ብዛት፣ ፊርማውና ማኅተሙ ናቸው።

ማራዘሚያው ከተፈቀደ በኋላ አዲሱን ቀን የያዘ የጽሑፍ መልስ መቀበል ይገባል። ተማሪዋም ሰኔ 9ን ብቻ እያየች መጠበቅ የለባትም፤ መፈተሻዋ ግንቦት 10 ነው። በዚያ ቀን ከ40ው መጠይቅ 15ቱ ብቻ ተመልሰው ከሆነ የቀረው ጊዜ እንደማይበቃ ከወዲሁ ታወቀ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሌላ ማራዘሚያ ሳትጠይቅ፣ በደብዳቤዋ ወዳስቀመጠችው ሁለተኛ አማራጭ እንደምትዞር በዚያው ዕለት ለአማካሪዋ ታሳውቃለች።