አዳራሹ እስኪሞላ የሚታየው ስላይድ

«ጋሼ፣ ኃላፊዬ ባዶ ነው አሉ። ትንሽ ነገር ይጨመርበት።»

ይህን ያለኝ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ወጣት ባለሙያ ነው። ከአንድ ቀን በፊት ያመጣልኝ የመክፈቻ ስላይድ ከበስተጀርባው ዓባያንና ጫሞን በአንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ ነበረበት። በአራቱም ማዕዘን ሎጎ አለ፤ ዙሪያውን የቅጠል ሐረግ ከቦታል፤ መሀሉ ላይ ጥላ የተደረገበት ርዕስ ሦስት መስመር ተኩል ይዟል፦ «በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ የሙዝ አምራች አርሶ አደሮች ከምርት መሰብሰብ ጀምሮ እስከ ገበያ ድረስ የሚያጋጥማቸውን የምርት ብክነት ለመቀነስ የተከናወኑ ተግባራት የ2016 በጀት ዓመት ዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት»። አጽድቼ ሰጠሁት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ኃላፊው ስላይዱን ያልተጠናቀቀ ሥራ አድርገው ነው ያዩት። ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ምክንያቱም ይህ የአንድ ሰው ሐሳብ አይደለም።

ስላይድ እንድሠራላቸው የሚመጡ ብዙዎች የመክፈቻውን ስላይድ የሚያዩት እንደ ጥራዝ ሽፋን ነው። ተመራቂ ተማሪ ከሆነ የመመረቂያ ጽሑፉን የመጀመሪያ ገጽ እንዳለ ይለጥፈዋል፦ ዩኒቨርሲቲው፣ ኮሌጁ፣ ትምህርት ክፍሉ፣ ርዕሱ፣ ለምን ዲግሪ ማሟያ እንደቀረበ፣ የአማካሪው ስም፣ የረዳት አማካሪው ስም፣ ወር፣ ዓመት፣ ከተማ፣ አገር። ሽፋን ይህን ሁሉ መያዙ ትክክል ነው። ጥራዙ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ብቻውን ይቀመጣል፤ ባለቤቱ በሌለበት ስለ ራሱ መናገር አለበት። ስላይድ አጠገቡ ሰው ቆሞለታል። የመድረክ መሪው ስሙንና ትምህርት ክፍሉን ይጠራል፤ አማካሪውን ተማሪው ራሱ ያመሰግናል። ሦስት ደቂቃ ቆይቶ በአፍ የሚነገረውን ሁሉ ግድግዳ ላይ መጻፍ ምን ይጨምራል?

የመክፈቻው ስላይድ ሥራ የሚጀምረው ሰው ሳይናገር ነው። ታዳሚው እየገባ፣ ወንበር እየተሳበ፣ የድምፅ ማጉያው እየተሞከረ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ግድግዳው ላይ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ከበሩ የገባ ሰው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ የመጣሁት ትክክለኛው ቦታ ነው? ጉዳዩስ ምንድን ነው? ይህን ከኋለኛው ወንበር ላይ ሆኖ ማንበብ ካልቻለ ስላይዱ ሥራውን አልሠራም፤ ሐረጉም ሎጎውም አያድነውም።

ስለዚህ የሙዙን ርዕስ እንዲህ አደረግነው። በትልቁ፣ በ44 መጠን፣ «የሙዝ ብክነት ከማሳ እስከ ገበያ»። ከሥሩ በ24፣ «የ2016 በጀት ዓመት አፈጻጸም፣ አርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ»። ወደ ታች ራቅ ብሎ በ20፣ የአቅራቢው ስም፣ መሥሪያ ቤቱና ቀኑ። ሦስቱም ከግራ በአንድ መስመር ይጀምራሉ። ሙሉው ርዕስ አልጠፋም፤ በታተመው ሪፖርት ላይ እንዳለ አለ። ርዕሱ አላጥር ብሎ ሁለት መስመር ከያዘ የሚሰበርበትን ቦታ ለፕሮግራሙ አልተውለትም። በ Shift+Enter ራሴ እሰብረዋለሁ፤ አለዚያ «የምርት» ላይኛው መስመር ጫፍ ላይ ቀርቶ «ብክነት» ብቻውን ወደ ታች ይወርዳል፤ አንባቢውም ይደናቀፋል።

የቀረው ቦታ ነው እንግዲህ «ባዶ» የተባለው። የዶርዜ ሸማኔ የሠራውን ነጠላ አይቶ መሀሉ ባዶ ነው የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ጥበቡ ጠርዙ ላይ የሚያምረው መሀሉ ነጭ ሆኖ ስለተተወ ነው። ኃላፊውም ይህን የሚስቱት አይመስለኝም፤ ስላይድ ሲሆን ግን ቦታ መሙላት የትጋት ምልክት ይመስላቸዋል።

ፎቶውን ያወጣሁት ሐይቆቹን ጠልቼ አይደለም። ፎቶው ላይ ሰማዩ ነጣ ያለ ነው፣ ተራራው ጠቆር ያለ። ነጭ ፊደል ደመናው ላይ ሲደርስ ይጠፋል፣ ጥቁሩ ደግሞ ተራራው ላይ። ጥላና ጠርዝ የሚጨመረው ይህን ለመሸፈን ነው፤ ከዚያ በኋላ ፊደሉ ራሱ ይደበዝዛል። ደግሞ ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም የለውም። ጥቁር ብለን የምናየው ብርሃን ያላረፈበት ግድግዳ ነው፤ የእኛ አዳራሾች መጋረጃ ደግሞ ስስ ነው፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ትገባለች። ላፕቶፑ ላይ ያማረው ጥቁር አረንጓዴ እዚያ ሲደርስ አመድ ይሆናል። ነጭ ወይም ነጣ ያለ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል ይህን ሁሉ ይቋቋማል።

ሎጎ አንድ ይበቃል፤ የአቅራቢው መሥሪያ ቤት። ስላይዱ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ሎጎው ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን በደንብ ይታያል። የአጋር ድርጅቶች ሎጎ የግድ ከሆነ ከታች በአንድ ረድፍ፣ በእኩል ቁመት። ከቴሌግራም የወረደ፣ ነጭ ሣጥን የተሸከመና ወደ ጎን የተለጠጠ ሎጎ ግን ድርጅቱን አያስከብርም።

የአማርኛ ፊደል ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፤ ማዘንበልም የፊደላችን ባሕርይ አይደለም። ዋናውን ከንዑሱ የምንለየው በመጠን፣ በውፍረትና በክፍተት ብቻ ነው። Nyala ደግሞ የራሱ ወፍራም ቅርጽ የለውም፤ ሲወፍር ፕሮግራሙ ያደልበዋል፣ የ«ጨ»ና የ«ጠ» ውስጥ ይደፈናል። ወፍራም ከተፈለገ Ebrima የራሱ አለው። በድሮ ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ አዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል፤ መላው ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ነው።

የመዝጊያው ነገር ይብሳል። ጽጌረዳ፣ የሚሽከረከር «አመሰግናለሁ»፣ የጥያቄ ምልክት የተደገፈ ነጭ አሻንጉሊት። ይህ ስላይድ ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ የሚታይ ነው፤ ጥያቄና መልሱ ሲካሄድ፣ አንዳንዴ ለግማሽ ሰዓት፣ ግድግዳው ላይ ያለው እሱ ነው። ጠያቂው ቀና ሲል ምን ያያል? አበባ። ምስጋና ቆም ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ በአፍ ሲነገር ነው ክብሩ። ስላይዱ ላይ መኖር ያለበት ውይይቱ የሚፈልገው ነገር ነው። በሙዙ ሪፖርት ላይ ዋናውን ግኝት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍን፣ ከሥሩ ከመድረኩ ውሳኔ የሚጠበቅባቸውን ሁለት ጉዳዮች፣ ከታች የአቅራቢውን ስምና ስልክ። አቀማመጡ የመክፈቻው ነው፦ ያው የግራ መስመር፣ ያው ፎንት፣ ሎጎውም እዚያው ቦታ።

ብዙ ሰው የመጨረሻው ስላይድ ላይ ሆኖ አንዴ አብዝቶ ይጫንና ጥቁር ገጽ ይመጣል፤ ሲደነግጥ ደግሞ ፋይሉ ራሱ ከነአዶዎቹ ሕዝብ ፊት ይዘረጋል። መዝጊያውን ሁለቴ ሦስቴ ገልብጬ አስከትለዋለሁ፤ ቢጫንም ያው ይታያል። ከእነዚያ ኋላ ለጥያቄ የሚያስፈልጉ ሠንጠረዦች ይቀመጣሉ። ስለ አንዱ ቀበሌ ቢጠየቅ የስላይዱን ቁጥር ተጭኖ Enter ሲል በቀጥታ እዚያ ይደርሳል። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፎ መያዝ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።