ከመጀመሪያው ግኝት በኋላ ያለው የደረት ራጅ

ለሦስት ወር ሳል የያዘው፣ ክብደቱ የቀነሰና ትንፋሽ የሚያጥረው የ58 ዓመት ሰው ወደ ሆስፒታል መጣ እንበል። የደረት ራጁ ሲታይ የቀኝ ደረቱ ከላይ ጥቂት ሲቀር ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። የክሊኒክ ትምህርት የጀመረ አንድ የሕክምና ተማሪ ፊልሙን ገና ከማየቱ “በሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል” ይላል። ልክ ነው። መምህሩ “ሌላስ?” ብለው ሲጠይቁት ግን ዝም ይላል። በዚያው ፊልም ላይ የሰውየውን የሕክምና መንገድ የሚቀይሩ ሌሎች ሁለት ምልክቶች አሉ።

ተማሪው ሰነፍ አይደለም። ዓይን አንድ ትልቅ ነገር ሲያገኝ መፈለጉን ያቆማል፤ ጥያቄው የተመለሰ ይመስለዋል። አሜሪካዊው ራዲዮሎጂስት ዊልያም ታደንሃም እ.ኤ.አ. በ1962 የጻፈበት ይህ ጠባይ ጀማሪውንም አንጋፋውንም ያጠቃል። ቼክሊስት የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ አንባቢው ያገኘው ነገር ምንም ያህል ጎልቶ ቢታይ ሁሉንም ቦታ ሳይጎበኝ እንዳይነሳ ያስገድደዋል። ቼክሊስቱን በቃል ማጥናት የአንድ ምሽት ሥራ ነው። በእሱ ማየትን መማር ግን ሳምንታት ይወስዳል። እዚህ የማቀርበው የስድስት ሳምንት ዕቅድም የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

ዝርዝሩ የሚጀምረው ከሳንባ ሳይሆን ከፊልሙ ጥራት ነው። ስሙ የታካሚው ነው? ቀኑስ? የቀኝና የግራ ምልክቱ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው? ከዚያ ታካሚው ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደነበር ይታያል። ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚዘረጉት ሁለት አጥንቶች፣ ሐኪሞች ክላቪክል የሚሏቸው፣ የውስጥ ጫፎቻቸው ከአከርካሪው መሐል እኩል መራቅ አለባቸው። አንዱ ከቀረበ ሰውየው ዞሮ ነበር ማለት ነው፤ የዞረ ሰው የአየር ቧንቧውም ልቡም ቦታቸውን የለቀቁ ይመስላሉ። ቀጥሎ አየር በደንብ ስቦ እንደነበር ይታያል፤ ከፊት ያሉት የጎድን አጥንቶች ተቆጥረው አምስት ወይም ስድስት ያህል ከዲያፍራሙ በላይ መታየት አለባቸው። ትንፋሹን ሳይስብ የተነሳ ሰው የሳንባው ታች ተጨማድዶ የሳንባ ምች ያለበት ሊመስል ይችላል። በመጨረሻ ጨረሩ ከየት እንደገባ ይጠየቃል። ቆሞ ደረቱን ሰሌዳው ላይ ያስደገፈ ሰው ጨረሩ በጀርባው ይገባል፤ አልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ ግን በፊቱ ይገባና ልቡ ከእውነተኛ መጠኑ ገዝፎ ይታያል። ስለዚህ የልብ ስፋት ከደረት ስፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም የሚለው መለኪያ በአግባቡ የሚሠራው በመጀመሪያው ዓይነት ፊልም ላይ ነው።

ጥራቱ ከተጣራ በኋላ ጉብኝቱ ይጀመራል። ብዙ ትምህርት ቤቶች በኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፊደላት ያስተምሩታል፤ የአየር ቧንቧ፣ ሳንባዎች፣ ልብና በዙሪያው ያለው፣ ዲያፍራም፣ ከዚያም የቀረው ሁሉ፣ ማለትም አጥንት፣ ቆዳና ጡንቻ፣ የገቡ ቱቦዎች። እኔ ከእነዚህ በኋላ ስድስተኛ ዙር እንዲጨመር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ችግር የሚደበቅባቸውን ቦታዎች ብቻ ለይቶ ማየት። እነዚህም በክላቪክል የተሸፈነው የሳንባ ጫፍ፣ ከልብ ጀርባ ያለው ሳንባ፣ የደም ሥሮች ወደ ሳንባ የሚገቡበት ሥር፣ ከዲያፍራሙ ጉልላት በታች የሚውለው የሳንባ ክፍል፣ የፊልሙም ጠርዞች ናቸው። ቲቢ በብዛት በሚገኝባት በኢትዮጵያ የሳንባ ጫፍን መዝለል ከባድ ስህተት ነው፤ በአዋቂዎች ላይ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የላይኛውን የሳንባ ክፍል ነው።

አሁን ተማሪው የሰውየውን ፊልም እንደገና ይያዝ። ክላቪክሎቹ ከመሐል እኩል ርቀዋል፤ ሰውየው አልዞረም። የአየር ቧንቧው ግን ወደ ቀኝ፣ ወደ ነጩ ጎን ዘንበል ብሏል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ደረትን ሊሞላ የቀረበ ውሃ ቦታ ስለሚፈልግ ይገፋል፤ የአየር ቧንቧውን ወደ ግራ ሊያሸሸው ይገባ ነበር። ወደ ራሱ ከሳበው ከውሃው ጀርባ ሳንባው ራሱ ኮስሶ አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሆነ ነገር የሳንባውን ቧንቧ ሳይዘጋ አልቀረም። ጥራቱን ሳይፈትሽ የመጣ ተማሪ ይህን ማመን አይችልም ነበር፤ የሰውየው መዞር ብቻውን ያንኑ ምስል ሊሰጥ ይችላልና።

ጉብኝቱ ይቀጥላል። ልቡ በቀኝ በኩል ጠርዙ አይታይም፤ በነጩ ተውጧል። የቀኙ ዲያፍራምም እንዲሁ። የግራ ሳንባ ደህና ነው። አጥንቶቹ ላይ ሲደርስ እያንዳንዱን የጎድን አጥንት ከአከርካሪው ጀምሮ በጣቱ ይከተላል፤ በግራ በኩል ከኋላ ያለው ሰባተኛው አጥንት የላይኛው ጠርዙ መሐል ላይ ተቋርጧል፣ እንደተበላ ሆኗል። ይህ ሁለተኛው ምልክት ነው። ሳልና ውሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ሐሳብ ቲቢ በሆነ ነበር። የተዘጋ ቧንቧና የተበላ አጥንት ተጨምረው ሲመጡ ግን ካንሰር ከሐሳቡ መግቢያ ላይ ይቀመጣል፤ ቲቢም ጨርሶ አይሰረዝም፣ እሱም አጥንት ሊያጠቃ ይችላልና። ራጁ የበሽታውን ስም አይነግርም። የሚነግረው ከውሃው ናሙና መውሰድ፣ ሲቲ ስካን ማዘዝና የሳንባ ቧንቧውን ውስጥ በካሜራ ማየት እንደሚያስፈልግ፣ ይህም ሳምንታት እንዳይዘገይ ነው።

ወደ ጥናቱ እንምጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጤነኛ ፊልም ብቻ የሚታይባቸው ናቸው። ተማሪዎች ይህን ክፍል መዝለል ይወዳሉ፤ አሰልቺ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ጤነኛ ደረት እንደ ሰው ፊት ይለያያል። የወጣት ቀጭን ሰው ልብ ጠባብ ነው፤ የሴት ጡት የሳንባውን ታች ያነጣዋል፤ የቀኙ ዲያፍራም ከግራው በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ የግራው የሳንባ ሥር ደግሞ በአብዛኛው ከቀኙ ከፍ ይላል። በቀን አሥር ያህል ጤነኛ ፊልም በሙሉ ቼክሊስት፣ ድምፅ አውጥቶ እየተናገሩ ማየት ይበቃል። ድምፅ ማውጣቱ ምክንያት አለው፤ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የዘለለውን አያውቅም፣ የሚናገር ሰው ግን “ሳንባ ጫፍ፣ ንጹሕ” ሳይል ማለፉ ይሰማዋል።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ችግር ያለባቸው ፊልሞች ይመጣሉ፤ በቀን አምስት ቢሆኑ ጥሩ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ የራዲዮሎጂስቱን ሪፖርት ከማንበቡ በፊት ተማሪው የራሱን በወረቀት ይጽፋል። በዚህ ጊዜ ጠርዞችን ማንበብ ቢለምድ ብዙ ያተርፋል። በራጅ ላይ አየር ጥቁር፣ ውሃና ሥጋ ግራጫ፣ አጥንት ነጭ ይሆናሉ። የልብ ጠርዝ ጥርት ብሎ የሚታየው ግራጫው ልብ በጥቁሩ አየር ላይ ስላረፈ ነው። አየሩ በመግል ወይም በውሃ ከተተካ ግራጫ ከግራጫ ይገናኝና መስመሩ ይጠፋል። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፌልሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ያስፋፋው ይህ መርሕ ቦታን ይጠቁማል፤ የልብ የቀኝ ጠርዝ ከጠፋ ችግሩ ብዙውን ጊዜ በቀኝ ሳንባ መካከለኛ ክፍል ነው፣ የልቡ ጠርዝ ደህና ሆኖ የዲያፍራሙ መስመር ከጠፋ ደግሞ በታችኛው ክፍል ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን አንድ ደብተር ይያዛል፤ ከዕቅዱ ሁሉ ይበልጥ የማምንበት ይህን ነው። በየፊልሙ ተማሪው የሳተው ነገር ከሦስት ዓምዶች በአንዱ ይጻፋል፤ “አላየሁትም”፣ “አይቼው አላወቅሁትም”፣ “አውቄው ጤነኛ ነው ብዬ ተውኩት”። ክፍፍሉ የመጣው ከኩንደልና ከኖዲን የዓይን እንቅስቃሴ ጥናቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ራዲዮሎጂስቶች በሳንባ ላይ ትንንሽ እብጠቶችን ሲፈልጉ ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ ተከታትለው፣ ከተሳቱት እብጠቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዓይን ያረፈባቸው እንደነበሩ አገኙ። ዓምዶቹ መድኃኒታቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ከሞላ ተማሪው ቼክሊስቱን እየዘለለ ነው፤ ዝግ ብሎ በጣት እየተከተለ ማየት አለበት። ሁለተኛው ከሞላ ዓይነቶቹን አያውቃቸውም፤ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን ብዙ ፊልሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይጠቅመዋል። ሦስተኛው ከሞላ የጤነኛውን ልክ ገና አልያዘም፤ ወደ ጤነኛ ፊልሞች ይመለስ። የተሳተ ፊልም ሁሉ ከሳምንት በኋላ መልሱ ተሸፍኖ እንደገና ይታያል።

በአምስተኛው ሳምንት ጤነኛውና የታመመው ይቀላቀላሉ፤ ግማሽ በግማሽ ቢሆን ይመረጣል። ሁሉም ፊልም ችግር እንዳለበት እያወቀ የሚያጠና ሰው የሌለውን ማየት ይለምዳል፤ ይህ በሥራ ላይ ታካሚን ለማያስፈልግ ምርመራ ይዳርጋል። ስለዚህ በደብተሩ “ሳይኖር አየሁ” የሚል አራተኛ ዓምድ ይከፈታል። በስድስተኛው ሳምንት ፊልሙ መጀመሪያ ያለ ሕመምተኛው ታሪክ ይነበባል፣ ቀጥሎ ታሪኩ ተገልጦ እንደገና፣ በመጨረሻም የሰውየው የድሮ ፊልም ካለ ከእሱ ጋር። ከሁለት ዓመት በፊትም በዚያው መጠን የነበረ ጠባሳና ዘንድሮ የበቀለ እብጠት በአንድ ፊልም ብቻ ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

ዕቅዱ ገደብ አለው። ኤለን ኮክና ባልደረቦቿ የሕክምና ተማሪዎችን በቅደም ተከተል እንዲያዩ አሠልጥነው ሲፈትኑ፣ ያ ብቻውን ተማሪዎቹ የሚያገኙትን ችግር አልጨመረም። ውጤቱ አያስገርመኝም። ቼክሊስት ዓይንን የጎድን አጥንቱ ላይ ያደርሰዋል፤ የተበላ ጠርዝ ምን እንደሚመስል አያስተምረውም። በጣም የተለማመደ ራዲዮሎጂስትም የሚጀምረው በዝርዝር ሳይሆን በአንድ ጠቅላላ እይታ ነው፤ ዝርዝሩን የሚያመጣው በኋላ፣ የቀረ እንዳይኖር ነው። ተማሪው ወደዚያ እየቀረበ መሆኑን ከደብተሩ ያውቃል። የመጀመሪያው ዓምድ እየሳሳ፣ የቀሩት ስህተቶች ወደ ሦስተኛው እየተጠራቀሙ ሲሄዱ፣ ያን ጊዜ እነዚያን ፊልሞች ለይቶ ይዞ ከራዲዮሎጂስት ጋር ይቀመጥ፤ ዓይኑ አርፎበት አእምሮው ለምን እንደተወው የሚያስረዳው ለዓመታት ያየ ሰው ነው።