ከ22 ዓመት በኋላ የፈረሰው አንቀጽ

በቨርጂኒያ ግዛት ሆም ፓራማውንት ለሚባል ተባይ አጥፊ ድርጅት የሚሠራ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ውል ፈረመ። ውሉ ውስጥ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ለሁለት ዓመት ከድርጅቱ ጋር እንዳይወዳደር የሚከለክል አንቀጽ ነበረበት። ሰውየው በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ለቀቀና ለሌላ ተባይ አጥፊ ድርጅት ተቀጠረ። የቀድሞ አሠሪውም ፌርፋክስ ፍርድ ቤት ከሰሰው።

ድርጅቱ ያለ ምክንያት አልተማመነም። በሥራ ዓይነት ረገድ ከዚህ ጋር አንድ የሆነ አንቀጽ በ1989 ለግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጸንቷል። ፓራማውንት የሚል ስም ያለው ድርጅት ከቀድሞ ሠራተኞቹ ጋር ተሟግቶ የረታበት ጉዳይ ነው። ያው ፍርድ ቤት ግን በኖቬምበር 2011፣ አንድ ዳኛ በልዩነት ሲቀሩ፣ አንቀጹ አይጸናም ብሎ ወሰነ። በሁለቱ ፍርዶች መካከል ያለፉት 22 ዓመታት ናቸው። ለመሆኑ ምን ተለወጠ?

መልሱን ለመረዳት ዳኞቹ እንዲህ ያለውን ውል የሚመዝኑበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ ክልከላው ለምን ያህል ጊዜ ነው? በየትኛው አካባቢ? ከየትኛው ሥራ? ሦስቱን የሚያዩት ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ ነው። ክልከላው የድርጅቱን ትክክለኛ ጥቅም ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው በላይ መሄድ የለበትም፤ ሰውየው እንጀራውን እንዳይበላ መከልከል የለበትም፤ የሕዝብን ጥቅምም መጉዳት የለበትም። ይህን ሁሉ የማስረዳት ሸክም ደግሞ በአሠሪው ላይ ነው። ሠራተኛው «ውሉ ከመጠን ያለፈ ነው» ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ አሠሪው ነው «በልኩ የተሰፋ ነው» ብሎ ማሳየት ያለበት።

የሆም ፓራማውንት ውል በጊዜና በአካባቢ ብዙም አይታማም። ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ አካባቢውም ሠራተኛው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የተመደበባቸውን ከተሞችና ካውንቲዎች የሚመለከት ነው። ነገሩ የተበላሸው በሦስተኛው ላይ ነው። አንቀጹ ሰውየው በባለቤትነት፣ በወኪልነት፣ በተቀጣሪነት፣ በሸሪክነት፣ በአክሲዮን ባለድርሻነት «ወይም በማናቸውም መንገድ» በተባይ ማጥፋት ንግድ እንዳይገባ ይከለክላል። ለደንበኛ ቤት ሄዶ ምስጥ ማጥፋትን ብቻ ቢከለክል ኖሮ አሠሪው በቀላሉ ሊያስረዳ ይችል ነበር። ዳኞቹ ግን አንቀጹን እንደተጻፈው እስከ ጥግ ድረስ ተከተሉት። በዚህ ቃል መሠረት ሰውየው ከሥራው ንግዶች አንዱ ተባይ ማጥፋት በሆነ ግዙፍ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ውስጥ አክሲዮን ገዝቶ ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ ውል አፈረሰ ማለት ነው። ያ የሆም ፓራማውንትን ጥቅም በምን ይነካል? ድርጅቱ ሊያስረዳ አልቻለም።

በ1989 የጸናው ያው ቃል በ2011 የወደቀው ፍርድ ቤቱ በመካከሉ ባሉት ዓመታት «ከየትኛው ሥራ?» የሚለውን ጥያቄ እያጠበቀ ስለመጣ ነው። በ2005 የወሰነው አንድ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚያቀርብ ኦምኒፕሌክስ የተባለ ድርጅት፣ የለቀቀ ሠራተኛ ለዚያ መሥሪያ ቤት በሌላ ቀጣሪ በኩል ምንም ዓይነት ሥራ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። አዲሱ ሥራ ከኦምኒፕሌክስ ጋር ይወዳደር አይወዳደር ልዩነት አልነበረውም። ያም አልጸናም። የአካባቢው ጠበቆች ይህን መስመር በቀልድ መልክ «የጽዳት ሠራተኛ ፈተና» ይሉታል፤ ውሉ ተቀናቃኙ ድርጅት ውስጥ ወለል መጥረግን ጭምር የሚከለክል ከሆነ ከልክ አልፏል ማለት ነው። ፈተናው ግን ሁልጊዜ በወረቀቱ ብቻ አይቋጭም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 እንዳለው፣ ዳኛው ውሉን በማንበብ ብቻ ከመጣሉ በፊት አሠሪው ማስረጃ እንዲያቀርብ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህ «ይህ ውል ፈራሽ ነው» ብሎ የሚያምን ሠራተኛም ለሙግት ወጪ ራሱን ማዘጋጀት ይኖርበታል።

አሠሪዎች ብዙ ጊዜ የማያዩት ነገር አለ። የቨርጂኒያ ዳኛ የተለጠጠውን ውል አሳጥሮ፣ ተገቢውን ብቻ ትቶ አያጸናላቸውም። አንቀጹ ከተበላሸ ሙሉ በሙሉ ይወድቃል። ሆም ፓራማውንት ያጣው የአክሲዮኑን ክልከላ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው እዚያው ሰፈር ያንኑ ሥራ እንዳይሠራ የሚከለክለውንም አብሮ አጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው። ፖቶማክን ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲገቡ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ ዳኛው የሚያስከፋውን ሐረግ ሰርዞ ቀሪውን ማጽናት ይችላል። አሌክሳንድሪያ የሚወድቅ አንቀጽ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ግማሹ ሊተርፍ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት የሚቀረው ጉዳዩ በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ሕግ ስለሌለው ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 እንዲህ ያሉ ውሎችን በአመዛኙ የሚከለክል ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ሥራ ላይ ሳይውል በዚያው ዓመት ኦገስት ቴክሳስ ያለ ፍርድ ቤት ጣለው፤ ኮሚሽኑም በ2025 ይግባኙን ተወ። ካሊፎርኒያ ከ1872 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ክልከላ አትቀበልም። ሌሎቹ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ልክ አላቸው።

አሁን ብዙ የአማርኛ ተናጋሪዎች ወደሚሠሩበት ዘርፍ እንምጣ። አሌክሳንድሪያ ላይ በሰዓት እየተከፈላት በአንድ የቤት ለቤት እንክብካቤ ኤጀንሲ ውስጥ ሠራተኞችን ከታካሚ ጋር የምታገናኝ አንዲት ሴት አለች እንበል። ውሏ ሦስት ነገር ይከለክላል፤ ለሁለት ዓመት በ50 ማይል ዙሪያ ለሌላ ኤጀንሲ መሥራት፣ ኤጀንሲው አገልግሎ የሚያውቀውን ማንኛውንም ታካሚ መውሰድ፣ የሥራ ባልደረቦቿን ማስኮብለል።

የመጀመሪያው ክልከላ ያለመወዳደር ውል ነው። ከአሌክሳንድሪያ 50 ማይል ማለት ዋሽንግተንን፣ በዙሪያው ያሉትን የሜሪላንድ ከተሞችና ባልቲሞርን ጭምር ያጠቃልላል። ለአንዲት የቢሮ ሠራተኛ ይህ የሙያ ስደት ነው፤ በድሮው ፈተናም ቢሆን መጽናቱ ያጠራጥራል። ግን እዚያ ድረስ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ለሚፈረሙ ውሎች፣ የሳምንት ገቢያቸው ከግዛቲቱ አማካይ ደሞዝ በታች ለሆነ ሠራተኞች ያለመወዳደር ውል ከልክላለች። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ክልከላው ሰፍቶ በፌዴራል ሕግ ኦቨርታይም የሚገባቸውን ሁሉ ያካትታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ፊርማው የተጻፈበት ቀን ነው። ከዚያ ጁላይ በኋላ ከፈረመችና ኦቨርታይም የሚገባት ከሆነች፣ የ50 ማይሉ ክልከላ ገና ከመነሻው አይሠራም። በ2023 ፈርማ ከሆነ የደሞዝ ወረቀቷ ይታያል። በ2019 ፈርማ ከሆነ አዲሱ ሕግ አይደርስላትም፤ የምትሟገተው በሦስቱ ጥያቄዎች ነው።

ሁለተኛው ክልከላ ደንበኛ ያለማስኮብለል ነው። ይህ በባሕርዩ ቀለል ያለ ነው፤ ሥራዋን አይነካም፣ የአሠሪዋን ደንበኞች ብቻ እንዳትነካ ይላል። ለዚህም ነው ፍርድ ቤቶች ከመጀመሪያው ይልቅ በዚህ ላይ የሚለዝቡት። የተለመደው የጸና አጻጻፍ «ሠራተኛዋ በመጨረሻው ዓመት ራሷ ያገለገለቻቸውን ታካሚዎች» የሚል ነው። የእሷ ውል ግን «አገልግሎ የሚያውቀውን ማንኛውንም» ይላል። ከመቀጠሯ ከዓመታት በፊት የተሰናበቱ፣ ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸው ሰዎች በዚህ ውስጥ ገብተዋል። ኤጀንሲው እነሱን በእሷ ምክንያት ያጣል ማለት አይቻልም፤ አንቀጹም የሚሰነጠቀው እዚያ ላይ ነው።

አንዲት ታካሚ ልጅ ራሷ ደውላ «እማዬ አንቺን ነው የምትፈልገው፣ የት ነሽ አሁን?» ብትላትስ? የ2020ው ሕግ ይህን ለይቶ አይቷል። ሠራተኛዋ ቀድማ ካልደወለች፣ ካልለመነች፣ ራሱ የመጣ ደንበኛን ማገልገልን ውሉ ሊከለክል አይችልም። ስለዚህ ክርክሩ የሚያልቀው ማን ለማን ቀድሞ ደወለ በሚለው ላይ ነው፤ የስልክ መዝገብና የቴክስት መልእክት ዋና ማስረጃ ይሆናሉ። በግል ስልክ ለታካሚ ቤተሰብ አንድ በአንድ «ልቀቅ ነው፣ አብራችሁኝ ኑ» ብሎ መላክ ጥሪ ነው። ገና ሥራ ላይ ሆኖ መላክ ደግሞ ውል ባይኖር እንኳ ለአሠሪ ያለን ታማኝነት መጣስ ነው።

ብዙዎች የሚረቱት ግን በውሉ አንቀጽ ሳይሆን በሌላ ነገር ነው። የመጨረሻው ቀን ማታ የታካሚዎች ዝርዝር ወደ ግል ኢሜይል ይላካል። የንግድ ምስጢር ሕግ ያለመወዳደር ውል ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል፤ የተላከው ኢሜይልም ቀኑንና ሰዓቱን ይዞ ይቀመጣል። ውሉ እንዴትም ያለ ደካማ ቢሆን፣ ዝርዝሩን ያየ ዳኛ ሠራተኛዋን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

ሦስተኛውን፣ ባልደረባ ያለማስኮብለልን፣ ዳኞች የሚመዝኑት በዚያው ሚዛን ነው፤ እዚህ ብዙ የሚባል የለም።

እንዲህ ያሉት ውሎች ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ግን ከፍርድ ቤት ውጭ ነው። የጠበቃ ደብዳቤ ለሠራተኛዋ ብቻ ሳይሆን ለአዲሱ አሠሪም ይላካል፤ «ውል እያስፈረስክ ነው» ተብሎ የተጻፈለት ትንሽ ኤጀንሲ ብዙ ጊዜ ሳይሟገት ቅጥሩን ይሰርዛል። ዳኛ ፊት አንድ ቀን የማይቆም አንቀጽ በዚህ መንገድ ለዓመታት ሰው አስሮ ሊያቆይ ይችላል። የቨርጂኒያ ሕግ ይህን አስቦ ነው ለአሠሪው ዋጋ ያስቀመጠው። ከተከለከሉት ሠራተኞች ጋር እንዲህ ያለ ውል የተዋዋለ፣ ያስፈጸመ ወይም አስፈጽማለሁ ብሎ ያስፈራራ አሠሪ ለእያንዳንዱ ጥፋት 10,000 ዶላር ቅጣት አለበት፤ ሠራተኛዋም በሁለት ዓመት ውስጥ ከስሳ ካሳና የጠበቃ ወጪ ልታስከፍለው ትችላለች። አሠሪው የሕጉን ቅጂ ወይም ማጠቃለያ ሌሎች የሠራተኛ ማስታወቂያዎች በሚለጠፉበት ግድግዳ ላይ የመለጠፍ ግዴታም አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ካልለጠፈ በጽሑፍ ይገሠጻል፣ ለሁለተኛ ጊዜ እስከ 250 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል።