የጎረቤት ግድግዳ ሱቅ ላይ ሲወድቅ

በነሐሴ ሌሊት፣ በአዲስ አበባ አንድ ሰፈር፣ የመጋዘን ግድግዳ አጠገቡ ባለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ላይ ተደረመሰ እንበል። ባለሱቋ ጠዋት ስትደርስ የጣሪያው ቆርቆሮ ተጣሟል፣ ደብተሩ ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ባለመጋዘኑ «እህቴ፣ የእግዜር ዝናብ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» ይላታል።

ይህ መልስ ሽማግሌ ያራራ ይሆናል፤ በሕግ ፊት ግን አያድነውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ ባለሱቋ የጎረቤቷን ቸልተኝነት ማስረዳት አይጠበቅባትም። ቁጥር 2086 እንደሚለው፣ እሱም «አላጠፋሁም» ወይም «መንስኤው አይታወቅም» ብሎ አያመልጥም። የሚረዳው የተጎጂዋን ጥፋት ማሳየት ነው፤ ለምሳሌ ሱቋን ለማስፋት የግድግዳውን መሠረት ቆፍራ ከሆነ።

ታዲያ የጥገናው ጥያቄ ምን ይሠራል? ከባለቤቱ ጀርባ ያለውን ሰው ለመለየት ነው። የመጋዘኑ አሸንዳ ተሰብሮ የጣሪያው ውሃ ክረምቱን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ሲወርድ ከርሟል፤ አፈሩ ታጥቦ መሠረቱ ተራቁቷል። አሸንዳውን የሰበረው ተከራዩ ከሆነ፣ ወይም ግንበኛው መሠረቱን አሳጥሮ ሠርቶት ከሆነ፣ ባለቤቱ ለባለሱቋ ከከፈለ በኋላ ወደ እነሱ ዞሮ መጠየቅ ይችላል። እሷ ግን ያንን ክርክር ቆማ መጠበቅ የለባትም።

ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው። የ140,000 ብር ዕቃ ተጎድቶ የ30,000 ብሩ ለሽያጭ ከተረፈ፣ የዕቃ ጉዳቷ 110,000 ብር ይሆናል። ሱቁ ለ20 ቀን ከተዘጋና በቀን የምታተርፈው 900 ብር ከሆነ፣ 18,000 ብር ይጨመራል። የሚታሰበው የዕለት ሽያጩ ሳይሆን ትርፉ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሱቁ የኪራይ ከሆነ ደግሞ የጣሪያውና የግድግዳው ካሳ የአከራዩ ነው፤ የዕቃውና የገቢው የእሷ።

ይህ ሁሉ በማስረጃ ይቆማል። ፍርስራሹ ከመነሳቱ በፊት ፎቶ ይነሳ፣ ፖሊስ መጥቶ ይመዝግብ፣ የተጎዳው ዕቃ በምስክር ፊት ይቆጠር፣ የግዢ ደረሰኝ ይሰብሰብ። ከልብ በመነጨ ቸኩሎ ማጽዳት ስንት እውነተኛ ካሳ አሳጥቷል!

ግድግዳው ከመውደቁ በፊትም መብት አለ። ቁጥር 2079 የሌላ ሰው ሕንፃ የሚያሰጋው ሰው ባለቤቱ አደጋውን እንዲያስወግድ ለመጠየቅ ይፈቅዳል። የጎረቤትዎ ግድግዳ መሃሉ ከተነፋ፣ ቱንቢ ሲጣልበት ካዘነበለ፣ ወይም ስንጥቁ በየክረምቱ ከሰፋ፣ በጽሑፍ ያሳውቁትና የደብዳቤውን ቅጂ ያስቀምጡ። ጉዳቱ ከደረሰ ደግሞ በሽምግልና ቀጠሮ ጊዜው እንዳያልፍብዎ፤ የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው።