«ላክ» ከመጫን በፊት

ከአዲስ አበባ ለዋሽንግተን ቡና ገዢ የሚጻፍ አንድ ኢሜይል እንውሰድ። 320 ኬሻ ቡና፣ ዋጋው፣ የፈራሚዎቹ ስምና ማክሰኞ መጋቢት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት የሚደረግ የቪዲዮ ስብሰባ ሰፍሮበታል። ጸሐፊው ደጋግሞ አንብቦታል፤ ቋንቋውም የጠራ ነው። ነገር ግን ለቋንቋ ተብሎ የሚደረግ ንባብ ቁጥርን አያርምም። የተበላሸ ቃል ዓረፍተ ነገሩን ስለሚያጎረብጠው ዓይን ይይዘዋል፤ የተሳሳተ ቀን ግን ሳይጎረብጥ ያልፋል። ስለዚህ የመጨረሻው ፍተሻ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ውሉን፣ የፓስፖርቱን ቅጂና የቀን መቁጠሪያውን አጠገብ አስቀምጦ፣ አንዴ ስም ብቻ፣ አንዴ ቀን ብቻ፣ አንዴ ሰዓት ብቻ፣ አንዴ ገንዘብ ብቻ እየለቀሙ ከምንጩ ጋር ማስተያየት።

ስም ቶሎ ያልቃል። የእኛ ስም በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም፤ ጸሐይ የምትባል ሴት Tsehay ወይም Tsehai ልትሆን ትችላለች። ትክክለኛው ፓስፖርቷ ላይ ያለው ብቻ ስለሆነ በግምት ከመተየብ ከሰነዱ መገልበጥ ይሻላል። አንድ ደብዳቤ ውስጥ ላይኛው መስመር በአንዱ፣ ታችኛው በሌላው አጻጻፍ ከሆነ ገዢው የሁለት ሰው ስም ሊመስለው ይችላል።

ቀኑ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። መጋቢት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2026 ነው። ይህን 10/3/2026 ብለን ከላክን አሜሪካዊው ኦክቶበር 3 ብሎ ያነበዋል፤ እነሱ ወሩን ያስቀድማሉና። ወሩን በስሙ መጻፍ፣ ማለትም Tuesday, 10 March 2026 ማለት፣ ጥርጣሬውን ያጠፋዋል። የዕለቱ ስም ለጌጥ የገባ አይደለም። የዘመን አቆጣጠራችን ቢለያይም ማክሰኞ በሁለቱም ማክሰኞ ነው፤ ስለዚህ የቀን መቁጠሪያው ሌላ ዕለት ካሳየ ስንለውጥ አንድ ቦታ ተሳስተናል ማለት ነው። ካለፈው ዓመት በቃል የያዝነውን ማመንም አያዋጣም። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት፣ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም.፣ ከመስከረም ጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ ቀኖቹ በአንድ ይገፋሉ፤ እንቁጣጣሽም ያኔ ሴፕቴምበር 12 ላይ ውሎ ነበር።

ሰዓቱ ከሁሉም ይብሳል። በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 16:00 ነው። 10:00 ብሎ የጻፈ ሰው ስብሰባውን ከጠዋቱ 4 ሰዓት አድርጎታል፤ ያን ጊዜ ዋሽንግተን ገና ሌሊት ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ዋሽንግተን ያለው ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትለውጥም፤ አሜሪካኖች ግን በ2026 ማርች 8 ላይ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ያደርጋሉ። በክረምታቸው 8 ሰዓት የነበረው ልዩነት ወደ 7 ይወርዳል። የኛ 16:00 ከሳምንት በፊት በዋሽንግተን 8:00 ነበር፤ በስብሰባው ዕለት ግን 9:00 ነው። የሀምቡርግ ሸሪክ ከተጨመረ ደግሞ አውሮፓ የምትለውጠው ማርች 29 ስለሆነ በዚያ ቀን እዚያ 14:00 ይሆናል። EST የሚለው ምህጻረ ቃል የክረምቱ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ለማርች 10 ስሕተት ነው። እኔ ብሆን ምህጻረ ቃሉን ትቼ የከተሞቹን ስም እጽፍ ነበር፦

```
Tuesday, 10 March 2026
16:00 Addis Ababa
14:00 Hamburg
09:00 Washington
```

ገንዘቡን ማንበብ አይበቃም፣ እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። 320 ኬሻ በ60 ኪሎ 19,200 ኪሎ ነው፤ ኪሎው 6.50 ዶላር ቢሆን 124,800 ዶላር ይመጣል። ደብዳቤው ላይ 142,800 ተጽፎ ከተገኘ የሒሳብ ሠራተኞች የሚያውቁት ዘዴ አለ፦ ልዩነቱ 18,000 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላልና እነሱን መጠርጠር ነው። ዘዴው ግን ጠቋሚ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሌላም ስሕተት በአጋጣሚ ለ9 ሊካፈል ይችላል። የዋጋው መለኪያ ኪሎ ይሁን ፓውንድ መጻፉንም እዚሁ ማየት ነው፤ አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ያህል ስለሆነ ዝም ያለ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሊያሳስት ይችላል። ጀርመኖች ነጥብና ኮማውን ገልብጠው ስለሚጠቀሙ ገንዘቡን በፊደልም መድገም አይከፋም። አባሪው ደረሰኝ ላይ ያለው ቁጥር ከደብዳቤው ጋር ካልገጠመ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ የሚላከውን ፋይል ራሱን ከፍቶ ማየት ይገባል።

የተቀባዩ አድራሻ እስከዚህ ድረስ ባዶ ይሁን። ሁለት ፊደል ሲጻፍ ፕሮግራሙ ራሱ የሚሞላው ስም ሌላ ድርጅት ውስጥ ያለ ሞክሼ ሊሆን ስለሚችል፣ አድራሻው ከ@ ምልክት በኋላ ያለው ጭምር ይነበባል። ጂሜይል የተላከን ደብዳቤ ለመመለስ በቅንብሩ እስከ 30 ሰከንድ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እርማት በሁለተኛ ኢሜይል ነው።